«የመጨረሻህን ንገረኝ» ሲባሉ፦ የመጨረሻ ነጥብ፣ የግብ ነጥብና የስምምነት ቀጠና

ጥያቄ

«ቪትዝ መኪናዬን ልሸጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. በ450 ሺህ ብር ገዛኋት፤ ባለፈው ዓመት ሞተሯን ለማሳደስ 180 ሺህ ብር ወጥቶብኛል። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ‹እንዳለች በ1 ሚሊዮን 700 ሺህ እወስዳታለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ› ብሎኛል። ደላላው ደግሞ ከእኔም ከገዢውም 2 በመቶ ይቀበላል፤ ‹የመጨረሻህን ንገረኝና ገዢ ላምጣ› እያለ ይወተውተኛል። በአንድ ሥልጠና ላይ ስለ መጨረሻ ነጥብ፣ ስለ ግብ ነጥብና ስለ ስምምነት ቀጠና ሰምቼ ነበር። ቁጥሮቹን ግን ከየት ነው የማመጣቸው? ገዢው እስከ ስንት እንደሚሄድ ሳላውቅስ ቀጠና መኖር አለመኖሩን በምን እለያለሁ?»

ምላሽ

ከሁሉ አስቀድመው የገዙበትን 450 ሺህና ለሞተሩ ያወጡትን 180 ሺህ ብር ከዚህ ሒሳብ ያውጧቸው። ሁለቱም የወጡ ገንዘቦች ናቸው፤ መኪናዋን ቢሸጡም ባይሸጡም አይመለሱም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ብር የመግዛት አቅሙ ወርዷል፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቅቋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያኔ የተከፈለ ዋጋ ዛሬ ስንት ላይ እምቢ ማለት እንዳለብዎት አይነግርዎትም። ብዙ ሻጮች የመጨረሻ ዋጋቸውን «ያወጣሁትን እንኳ ልመልስ» ብለው ይተክሉታል። አንዳንዱ ከዚያ የተነሣ በርካሽ ይሸጣል፤ አንዳንዱም ማንም የማይከፍለውን ዋጋ ይዞ መኪናውን ለወራት ያቆማል። የሞተሩ እድሳት ዋጋ የሚኖረው በሌላ መንገድ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የመጨረሻ ነጥብ ማለት መሸጥም አለመሸጥም ለእርስዎ እኩል የሚሆንበት ዋጋ ነው። ከዚያ አንድ ሺህ ብር ከፍ ካለ መሸጡ ይሻላል፤ አንድ ሺህ ዝቅ ካለ ተነሥቶ መሄዱ ይሻላል። ስለዚህ ይህን ቁጥር የሚሰጥዎት ከፊትዎ ያለው ገዢ አይደለም፤ ደላላውም አይደለም። የሚሰጥዎት ይህ ገዢ ባይኖር የሚያደርጉት ነገር ነው። ያ ነገር በእርስዎ ዘንድ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፦ ለባልደረባዎ በ1,700,000 ብር መሸጥ።

ይሁን እንጂ 1,700,000 ራሱ የመጨረሻ ነጥብዎ አይደለም፤ ሁለቱ ሽያጮች የሚያስወጡዎት ወጪ አይመሳሰልምና። ባልደረባዎ መኪናዋን እንዳለች ይወስዳል፤ መሐል ላይ ደላላ የለም። ደላላው የሚያመጣው ገዢ ግን ፍሬኗ ተሠርቶ፣ ዓመታዊ ምርመራዋ አልቆና ቦሎዋ ታድሶ ካላገኛት አይረካም እንበል፤ ለዚህ 15,000 ብር ይያዝ። በዚያ ላይ ለደላላው 2 በመቶ አለ። እጅዎ ላይ 1,700,000 ብር እንዲቀር ለጥገናው ጭምር 1,715,000 ያስፈልግዎታል፤ 2 በመቶ ተቀንሶለት 1,715,000 የሚሆነው ዋጋ ደግሞ 1,750,000 ነው። በደላላ በኩል ለሚመጣ ገዢ የመጨረሻ ነጥብዎ ይህ ነው። 1,730,000 ብር ያቀረበልዎት ሰው ከባልደረባዎ በ30 ሺህ የሚበልጥ ይመስላል፤ ኪስዎ ውስጥ የሚገባው ግን ከባልደረባዎ ያነሰ ነው። ለደላላው 34,600፣ ለጥገናው 15,000 ብር ከተከፈለ በኋላ የሚቀርዎት 1,680,400 ብር ነውና።

አንድ ነገር ግን ይመርምሩ፤ የባልደረባዎ ቃል ምን ያህል ይያዛል? ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል ወይስ ከብድርና ከዕቁብ የሚጠበቅ ነው? ከአሥር ስምንቱን ያህል እተማመንበታለሁ ቢሉና እርሱ ቢቀር ለመኪና ነጋዴ በ1,600,000 እሸጣለሁ ብለው ቢያስቡ፣ አማራጭዎ ሲመዘን 1,680,000 ብር ገደማ ይሆናል፤ የመጨረሻ ነጥብዎም ወደ 1,730,000 ይወርዳል። ባልደረባዎ በአንጻሩ ከሌላ ገዢ ጋር እየተነጋገሩ መሆኑን እያወቀ ዋጋውን ወደ 1,750,000 ቢያሳድግ የመጨረሻ ነጥብዎ ከ1,800,000 ትንሽ ከፍ ይላል። ከደላላው ገዢ ጋር አንድም ቃል ሳይለዋወጡ በዚያ ድርድር ላይ ያለዎት አቋም ተለወጠ ማለት ነው። የመጨረሻ ነጥብን ለማሻሻል ከሁሉ የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፤ ከድርድሩ ውጭ ያለውን አማራጭ ማጠንከር። ከዚህ በታች ለማስረዳት እንዲቀል ባልደረባዎ የታመነ ነው ብዬ በ1,750,000 እቀጥላለሁ።

የግብ ነጥብ፣ ማለትም ለማግኘት የሚያልሙት ዋጋ፣ ከዚህ ፍጹም በተለየ መንገድ ይወጣል። የመጨረሻ ነጥብ ከራስ አማራጭ ሲመነጭ፣ ግብ የሚመነጨው ከገዢው አማራጭ ነው፤ ጥያቄው «እርሱ ከእኔ ካልገዛ ተመሳሳይ መኪና በስንት ያገኛል?» የሚል ነው። ይህን ለማወቅ በማስታወቂያ ላይ የተጻፉትን ዋጋዎች አይመኑ፤ እነዚያ ሻጮች የሚጠይቁት እንጂ የተሸጡበት አይደሉም። በቅርቡ ተመሳሳይ ስሪት የገዙ ወይም የሸጡ ሰዎችን ፈልገው በስንት እንደተጨረሰ ይጠይቁ፤ የሠሩበትን ዓመት፣ የተነዱትን ኪሎ ሜትርና የአካላቸውን ሁኔታ ያነጻጽሩ። የእርስዎን የሚመስሉት ከ1,800,000 እስከ 1,950,000 ብር ባለው ውስጥ ተሽጠው ቢያገኙ ግብዎ ከዚያ የላይኛው ጫፍ አካባቢ፣ ለምሳሌ 1,950,000 ይሁን። ግብ ምኞት ብቻ እንዳይሆን የሚያደርገው ይህ ነው፤ እውነተኛ ሰው እውነተኛ ገንዘብ ከፍሎበታል።

ሁለቱ ቁጥሮች በራስዎ ዘንድ እንዳይደበላለቁ አጥብቄ እመክራለሁ። ድርድር ሲረዝም የመጨረሻ ነጥብ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ እርሱ ላይ ይተከላል፤ ገዢው ያንን ጥቂት ሲያልፍለት እፎይ ብሎ ይጨርሳል። ግብ ብቻ የያዘ ሰው ደግሞ ከግቡ በታች የመጣውን ሁሉ እንደ ኪሳራ ቆጥሮ 1,820,000 ብር የሚሰጠውን ገዢ ይሸኛል፤ በወሩ መጨረሻ ለባልደረባው በ1,700,000 ይሸጣል። ሁለቱንም ቁጥሮች ደላላው ስልክ ከመደወሉ በፊት በወረቀት ላይ ይጻፏቸው። በንግግሩ መሐል የመጨረሻ ነጥብዎን እንዲለውጡ የሚፈቀድልዎት አማራጭዎን የሚለውጥ አዲስ ነገር ከሰሙ ብቻ ነው። ገዢው መቆጣቱ፣ ደላላው «ሰውዬው ሊሄድብህ ነው» ማለቱ፣ ቀኑ መምሸቱ አማራጭዎን አይለውጡም።

አሁን ወደ ገዢው ወንበር እንሻገር። አንድ ገዢ ይምጣ እንበል፤ መኪናዋ ለእርሱ ሁሉንም ወጪ ጨምሮ 1,900,000 ብር ድረስ ታወጣለታለች፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ያየውን መኪና ይገዛል። ስም ለማዛወርና ለውል 13,000 ብር ይወጣበታል፤ ለደላላው ደግሞ የዋጋውን 2 በመቶ ይከፍላል። ስለዚህ ለመኪናዋ ለራሷ ሊከፍል የሚችለው ትልቁ ዋጋ 1,850,000 ብር ነው፤ በዚህ ላይ 37,000 ለደላላ፣ 13,000 ለስም ዝውውር ሲጨመር ልክ 1,900,000 ይሞላል። ግቡ ግን 1,700,000 ይሁን።

አራቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያኑሯቸው። የእርስዎ ክልል ከመጨረሻ ነጥብዎ ከ1,750,000 ተነሥቶ ወደ ላይ ይሄዳል። የገዢው ክልል ከመጨረሻ ነጥቡ ከ1,850,000 ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ የሚደራረቡበት ከ1,750,000 እስከ 1,850,000 ያለው ቦታ የስምምነት ቀጠና ነው፤ በዚህ ውስጥ ያለ ማንኛውም ዋጋ ሁለታችሁንም ከሌላው አማራጫችሁ የተሻለ ቦታ ያደርሳችኋል። የቀጠናው ስፋት 100,000 ብር ነው፤ ድርድሩም በእውነት የሚካሄደው በዚያች 100,000 ብር አከፋፈል ላይ ብቻ ነው።

ግቦቹን ደግሞ ይመልከቷቸው። እርስዎ 1,950,000 ይፈልጋሉ፤ እርሱ 1,700,000። በመካከላቸው 250,000 ብር አለ፤ አይገናኙምም። የእርስዎ ግብ ከገዢው የመጨረሻ ነጥብ በላይ ነው፤ የእርሱ ግብም ከእርስዎ የመጨረሻ ነጥብ በታች። ሁለታችሁም ግባችሁን አታገኙም፤ ስምምነቱ ግን አለ። «እኔ 1,950 አልኩት፣ እርሱ 1,700 አለኝ፣ ሰማይና ምድር ነን» ብለው የሚለያዩ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀጠናን የሚሠሩት ሁለቱ የመጨረሻ ነጥቦች ናቸው፤ በአፍ የተጠሩት ዋጋዎች ስለ ቀጠናው መኖር በራሳቸው የሚናገሩት ነገር የለም።

ስለ ደላላው ክፍያ ትንሽ ልቆይ፤ ቀጠናን በዝምታ የሚያጠበው እርሱ ነውና። ደላላና ሌላ ወጪ ባይኖር የእርስዎ የመጨረሻ ነጥብ 1,700,000፣ የገዢው 1,900,000 ነበር፤ ቀጠናው 200,000 ብር ይሰፋ ነበር። ግማሹ በወጪ ተበላ፤ ከዚያም ትልቁን ድርሻ የወሰደው ከሁለት ወገን የሚሰበሰበው 4 በመቶ ነው። ደላላው ገዢ ፈልጎ ስላመጣ ክፍያው ይገባዋል፤ ነገር ግን ቀጠናው ጠባብ በሆነበት ጊዜ ይኸው ክፍያ ስምምነቱን ራሱን ሊገድለው ይችላል።

ሁለተኛ ገዢ እንውሰድ፤ ለዚህኛው መኪናዋ ሁሉንም ወጪ ጨምሮ ከ1,780,000 ብር በላይ አታወጣለትም። 13,000 ለስም ዝውውር ሲቀነስ 1,767,000 ይቀረዋል፤ በውስጡ 2 በመቶ ለደላላ አለ፤ ስለዚህ የመጨረሻ ነጥቡ 1,732,000 ብር ገደማ ነው። የእርስዎ 1,750,000። ክልሎቹ አልተደራረቡም፤ መካከል ላይ 18,000 ብር የሚያህል ክፍተት አለ። ሁለታችሁም ቅን ብትሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ብትነጋገሩ አትስማሙም። ሆኖም የደላላው ክፍያ ባይኖር የእርስዎ 1,715,000፣ የእርሱ 1,767,000 ሆኖ የ52,000 ብር ቀጠና ነበር። ደላላው ከእያንዳንዳችሁ 1 በመቶ ብቻ ለመቀበል ቢስማማ የእርስዎ የመጨረሻ ነጥብ ወደ 1,732,000 ይወርዳል፤ የገዢው ወደ 1,749,000 ይወጣል፤ ቀጠናው እንደገና ይከፈታል። ደላላውም ምንም ከማያገኝ 35,000 ብር ገደማ ያገኛል። እንዲህ ያለ ክፍተት ሲያጋጥም ከገዢው ጋር መገፋፋቱን ትተው ደላላውን ወደ ጎን ጠርተው ማነጋገር ነው የሚበጀው። ክፍያውን የሚቀንስ ደላላ የለም የሚሉ አሉ፤ ያለ ቅነሳው ሽያጩ እንደማይኖር በቁጥር ሲያዩት ግን ብዙዎቹ ይቀንሳሉ።

እንግዲህ «የመጨረሻህን ንገረኝ» ለሚለው ምን ይመልሳሉ? የደላላውን ጥቅም በቁጥር ይመልከቱት። ዋጋው ከ1,780,000 ወደ 1,830,000 ቢያድግ ለእርስዎ 49,000 ብር ይጨመርልዎታል፤ ለእርሱ ግን የሚጨመርለት ከሁለቱ ወገን ተደምሮ 2,000 ብር ነው። ሽያጩ ከፈረሰ ከ70,000 በላይ ያጣል። ስለዚህ ክፉ ሰው ባይሆንም እንኳ የእርሱ ጥቅም ቶሎ መጨረሱ ላይ ነው፤ የነገሩትን የመጨረሻ ዋጋ ለገዢው መክፈቻ ያደርገዋል። 1,750,000 ብለው ከነገሩት ገዢው «በ1,750 ይሰጥሃል፤ ትንሽ ብትገፋው ይወርዳል» የሚል ወሬ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የቀጠናው 100,000 ብር በሙሉ ወደ ገዢው ዞሯል ማለት ነው።

በዚያም ሆኖ መዋሸት መልስ አይደለም። «ከ1,900,000 አንድ ብር አልቀንስም» ካሉ ከላይ ያየነው ገዢ፣ እስከ 1,850,000 ሊከፍል የሚችለው ሰው፣ መኪናዋን ሳያይ ይቀራል። ሮጀር ማየርሰንና ማርክ ሳተርትዌይት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1983 በሒሳብ ያረጋገጡት ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሻጩም ገዢውም የየራሱን ዋጋ ብቻ በሚያውቅበትና ቀጠና መኖሩ አስቀድሞ እርግጥ ባልሆነበት ሁኔታ፣ ከውጭ ገንዘብ ሳይጨመር ቀጠና ባለበት ሁሉ ስምምነት እንዲደረስ የሚያስገድድ የድርድር ሥርዓት ሊኖር አይችልም። እያንዳንዱ ለራሱ የተሻለውን ለማግኘት የመጨረሻ ነጥቡን አጋንኖ ስለሚያቀርብ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛው ቀጠና በተጋነኑት ሁለት ቁጥሮች ይሸፈናል። ማጋነን ነጻ አይደለም፤ ጠባብ ቀጠና ላይ ሲሆን ዋጋው ስምምነቱ ራሱ ነው።

ለደላላው የሚሰጠው መልስ የሚጠይቁት ዋጋ ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም፦ «የምጠይቀው 2,020,000 ነው። መኪናዋን ያየ ሰው ዋጋውን ራሱ ይንገረኝ፤ ከባድ ካልሆነ እንነጋገራለን። በስልክ የመጨረሻ አልናገርም።» ይህ ውሸት የለበትም፤ ሰውም አያባርርም። የሚጠይቁት ዋጋ ከግብዎ ትንሽ ከፍ ያለና በምክንያት ሊደግፉት የሚችሉት ይሁን። በቅርቡ በ1,950,000 የተሸጠች መኪና ካለች፣ የእርስዎ ደግሞ ሞተሯ የታደሰ ከሆነ፣ 2,020,000 ፊት ሳይጨማደድ የሚነገር ቁጥር ነው። 2,500,000 ግን ገዢው እንዳላዋቂ ቆጥሮዎት ስልኩን እንዲዘጋ ያደርገዋል።

የመክፈቻ ዋጋ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው በእኛ ገበያ «በቃ መሐል ላይ እንገናኝ» የሚለው ፍርድ ብርቱ ስለሆነ ነው። መሐሉ ግን የቀጠናው መሐል አይደለም፤ የተጠሩት ሁለት ዋጋዎች መሐል ነው። ገዢው 1,600,000 ብሎ ቢጀምርና እርስዎ 2,020,000 ብለው ከሆነ መሐሉ 1,810,000 ነው። «ቅን ልሁን» ብለው 1,900,000 ላይ ጀምረው ከሆነ ግን መሐሉ 1,750,000 ይሆናል፤ ያ ደግሞ የመጨረሻ ነጥብዎ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሽማግሌው የሚለው ቃል አንድ ነው፤ ልዩነቱ 60,000 ብር ነው።

ወደ ጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል እንምጣ፤ የገዢውን የመጨረሻ ነጥብ ሳያውቁ ቀጠና መኖሩን በምን ይለያሉ? ሙሉ በሙሉ አያውቁትም። የሚያዩት ዱካውን ነው፤ ዱካውም የሚነበበው ከሚናገረው ዋጋ ይልቅ ዋጋውን እየጨመረ ከሚሄድበት እርምጃ ነው። የመጀመሪያው ገዢ እንዲህ ሄደ እንበል፦ ከ1,600,000 ወደ 1,700,000፣ ከዚያ ወደ 1,750,000፣ ከዚያ ወደ 1,780,000። እርምጃው 100፣ 50፣ 30 ሺህ እያለ እያጠረ ነው፤ ወደ አንድ ቦታ እየተጠጋ መሆኑን ያሳያል፤ ያም ቦታ ከ1,780,000 በላይ፣ ከ1,900,000 በታች ነው ብሎ መገመት ይቻላል። እርስዎም በበኩልዎ 2,020,000፣ 1,950,000፣ 1,900,000፣ 1,870,000 እያሉ ወርደዋል። ሆን ብሎ እርምጃውን የሚያሳጥር ብልጥ ገዢ ስላለ ይህ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም። የእርስዎ የመጨረሻ ነጥብ ግን 1,750,000 ስለሆነ ገዢው ያንን ባለፈ ጊዜ ቀጠና መኖሩ ተረጋግጧል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ የት ላይ ይቆማል የሚለው ብቻ ነው። ይህን እርግጠኝነት የሰጠዎት ስለ ገዢው ያወቁት ነገር ሳይሆን የራስዎን ቁጥር አስቀድመው በትክክል ማስላትዎ ነው።

በ1,815,000 ተጨባበጣችሁ እንበል። ለደላላው 36,300 ከፍለው፣ የጥገናውን 15,000 ቀንሰው እጅዎ ላይ 1,763,700 ብር ይቀራል፤ ለባልደረባዎ ከመሸጥ በ63,700 ብር ይበልጣል። ገዢው በጠቅላላው 1,864,300 ብር አወጣ፤ ሊያወጣ ከነበረው ከፍተኛ በ35,700 ብር ያነሰ። ግብዎ 1,950,000 ስለነበር «ተሸነፍኩ» ብለው እንዳያዝኑ፤ ይህ ገዢ ያንን በምንም መንገድ ሊከፍል አይችልም ነበር።

ቀጠና አለመኖሩን የሚጠቁመው ምልክት ሌላ መልክ አለው። ገዢው ከእርስዎ የመጨረሻ ነጥብ በታች ቆሞ እርምጃውን ሙሉ በሙሉ ያቆማል፤ የሚሰጠውም ምክንያት «ውድ ነው» የሚል ጥቅል ቃል ሳይሆን ዝርዝር ነው፦ ባንኩ የፈቀደለት ብድር ይህን ያህል ነው፤ ሌላ ቪትዝ በዚህ ዋጋ ተይዞለታል። ሲነሡ አይከተልዎትም፤ በማግሥቱም አይደውልም። የሚያስመስል ሰው ግን ደላላውን ይልካል። ስለዚህ መነሣት ራሱ መመርመሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚነሡት በእርግጥ ለመሄድ ዝግጁ በሆኑበት ዋጋ ላይ ብቻ ይሁን።

ክፍተቱ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ከመለያየት በፊት የመጨረሻ ነጥቦቹን ራሳቸውን ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ያ የሞተር እድሳት ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ገዢው መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ መካኒኩ በሮቹን በጣቱ አጥንት ያንኳኳል፣ ስቱኮ የተለጠፈበትን በድምፁ ይለያል፣ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ጭስ ይፈልጋል። ስለ ሞተሩ እርግጠኛ ካልሆነ ገዢው ወደፊት ሊወጣበት የሚችለውን ወጪ አስቦ የመጨረሻ ነጥቡን አስቀድሞ ይቀንሳል። የእድሳቱን ደረሰኝ፣ የተቀየሩትን ዕቃዎች ዝርዝርና የጋራዡን ስልክ አውጥተው ካሳዩት ያ ፍርሃት ይቀንሳል፤ የሁለተኛው ገዢ የመጨረሻ ነጥብም ከ1,732,000 ወደ 1,760,000 ሊወጣ ይችላል። ገዢውን ያሳመነው ማስረጃው እንጂ የወጣው ገንዘብ መጠን አይደለም፤ «180 ሺህ አውጥቼባታለሁ» የሚል ልመና ደረሰኝ ከሌለው ዋጋውን ንቅንቅ አያደርገውም።

በመጨረሻ ስለ ቀብድ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው ድርድሩ ያለቀ መስሎት የመጨረሻ ነጥቡ የተለወጠበትን ቅጽበት አያስተውልም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ቀብዱ ግን ይቀርበታል። የተቀበለውም ሊያፈርስ ይችላል፤ ነገር ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ከገዢው 50,000 ብር ከተቀበሉ በኋላ ሌላ ሰው የተሻለ ዋጋ ይዞ ቢመጣልዎትና የመጀመሪያውን ውል ቢያፈርሱ 100,000 መመለስ አለብዎት፤ ከራስዎ ኪስ የሚወጣው 50,000 ነው። የመጀመሪያው ሽያጭ በእጅዎ 1,763,700 ያስቀርልዎት ስለነበር አዲሱ ገዢ ከወጪ በኋላ ከ1,813,700 በላይ የሚያስቀር ካልሆነ ዞር ብለው ሊያዩት አይገባም፤ በደላላ በኩል ከመጣ ይህ ከ1,866,000 ብር በላይ ዋጋ ማለት ነው። ከገዢው ወገንም ያው ነው። የከፈለው ቀብድ 5,000 ብቻ ከሆነ በ6,000 ብር የሚሻል መኪና ባገኘ ቀን ጥሎዎት ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ባልደረባዎ ደግሞ ሌላ መኪና ገዝቶ ይሆናል። ስለዚህ ለባልደረባዎ «ሸጥኳት» ብለው ከመንገርዎ በፊት፣ የሚቀበሉት ቀብድ እርሱ ቢቀርብዎት ከሚያጡት ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ያረጋግጡ። የቀረው ክፍያ የሚፈጸምበትንና ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ውሉን የምትፈርሙበትን ቀን ደግሞ ከወሩ መጨረሻ፣ ማለትም ባልደረባዎ ከሚጠብቅዎት ቀን በፊት ያድርጉት።